የቲቸር ደብተር፦ ቁጭ ብድግ፣ ጀሪካን እና የማግስቱ ጠዋት

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ግን ይሄ ኬዝ ከክሊኒክ የመጣ አይደለም፣ እዚሁ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ነው ያገኘሁት። ሁለቱንም አስፈቅጃቸዋለሁ፣ ስማቸውን ግን አልጠራም፣ ለነገሩ ብሎካችን ውስጥም በስማቸው የሚጠራቸው የለም፣ አንደኛው ቲቸር ናቸው ሌላኛው መቶ አለቃ፣ በቃ።

ቲቸር 68 ዓመታቸው ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሂሳብ ሲያስተምሩ ኖረው በ60 ጡረታ ወጡ። ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፣ ሊፍት የለም፣ ከምድር እስከ በራቸው 54 ደረጃ ነው (እሳቸው ናቸው የቆጠሩት፣ እኔ ስድስት ዓመት ስወጣ ስወርድ አንድ ቀን ቆጥሬ አላውቅም)። ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሲወጡ ትንሽ ይሻላል ሲወርዱ ይብሳል፣ ጠዋት ሲነሱ ይደርቅና አስር አስራ አምስት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይላቀቃል። ራጅ ተነስተው መገጣጠሚያው ጠቧል፣ ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ መበላት ነው ተብለዋል። የደም ግፊትም አለባቸው፣ ለሱ ሁለት ኪኒን ይወስዳሉ፣ አምሎዲፒንና የምታሸናዋ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሁለቱንም ጠዋት።

ራጁን ያዩላቸው ሰው "ደረጃ አያብዙ" ብለዋቸው ነበር። ቲቸር ደግሞ የተባሉትን አጥብቀው የሚይዙ ሰው ስለሆኑ ደረጃ ጭራሽ ተዉ። ዳቦ የልጅ ልጃቸው ያመጣል፣ ቤተክርስቲያን በወር አንዴ፣ ቀሪው ጊዜ ሶፋ ላይ። እንደዚህ ዓመት ከምናምን ሲቀመጡ ጭን ፊት ያለው ትልቁ ጡንቻ እየሳሳ ሄደ፣ እሱ ሲሳሳ ደግሞ ጉልበቱን የሚደግፈው የለም፣ ስለዚህ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ የበለጠ ያማቸዋል፣ የበለጠ ሲያማቸው የበለጠ ይቀመጣሉ። ይሄን አዙሪት በየቀኑ ነው የማየው።

መቶ አለቃ ሁለተኛ ፎቅ ናቸው፣ 65 ዓመት፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ አሁንም ጠዋት 11 ሰዓት የሚነሱ። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ቡና ሲጠጡ ቲቸር ከሶፋው ለመነሳት ሦስት ጊዜ ሞክረው ሲነሱ አዩና "ይሄ ነገር አይሆንም፣ ከነገ ጀምሮ ስፖርት" አሉ። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን አንኳኩ። ስፖርቱ ምን ይመስላችኋል? ካምፕ ውስጥ የለመዱት ነዋ፣ እስከ መሬት የሚወርድ ቁጭ ብድግ 20 ጊዜ፣ ፑሽአፕ፣ ቆሞ ሩጫ። ቲቸር እንደነገሩኝ ቁጭ ብድጉ ላይ ስምንተኛው ሲደርሱ "እግዜር ነው እኮ የሚቀጣኝ፣ ስንቱን ተማሪ ቁጭ ብድግ አሰርቻለሁ" ብለው ስቀዋል። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን መሳቅ ቀረ፣ ጉልበታቸው አበጠ።

እኔ የገባሁት እዚህ ጋ ነው። ማታ ከስራ ስመለስ መቶ አለቃ ደረጃው ላይ ጠበቁኝና "ዶክተር፣ አንድ ሰው አበላሽቻለሁ" አሉኝ (ዶክተር አይደለሁም ብዬ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፣ አይሰሙም)። ወጣሁና አየሁ። ያበጠ ጉልበት ሲያጋጥም መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ስፖርት አይደለም፣ ትኩሳት አለ ወይ፣ ጉልበቱ ቀልቶ ይፋጃል ወይ፣ መርገጥ ይቻላል ወይ፣ ቆልፎ አልዘረጋ ብሏል ወይ፣ ባቱ አብጦ ያማል ወይ የሚለውን ነው። ከነዚህ አንዱ ቢኖር ኖሮ እዛው ሌሊት ሐኪም ጋ ነበር የምንሄደው። አንዱም አልነበረም፣ እብጠቱ ትንሽ ነው፣ ይራመዳሉ። ያልለመደ መገጣጠሚያ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበት ነው የተቆጣው። ሌላ ያገኘሁት ነገር ኮመዲናው ላይ የተቀመጠ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ነው፣ ፋርማሲ ሄዶ የልጅ ልጃቸው ያመጣላቸው፣ ያለ ትእዛዝ። ደም ግፊት ላለበት ሰው፣ በተለይ የሚያሸና መድኃኒት ለሚወስድ፣ እሱ ኪኒን ግፊቱንም ከፍ ያደርጋል ኩላሊትንም ይጎዳል። ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ እንዳይደግሙት ነገርኳቸው፣ ለጊዜው ቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለአስራ አምስት ደቂቃ፣ ጥቂት ቀን ቀለል ማለት፣ ግን አልጋ ላይ መዋል አይደለም።

ቅዳሜ ላይ እብጠቱ ጎደለ። ከዛ ለካሁ። መለኪያው ቀላል ነው፣ ቤታችሁ ውስጥ ያለ ወንበርና የስልክ ሰዓት ይበቃል። ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሁለት እጅ ደረት ላይ ተጣጥፎ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ተነስቶ መቀመጥ ይቻላል የሚለው ነው የሚቆጠረው። በቲቸር ዕድሜ ላለ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ ከአማካዩ በታች ነው። ቲቸር 7 አመጡ። መቶ አለቃ 13። ሚዛን ደግሞ አንዱን እግር ከሌላው ፊት፣ ተረከዝ ከጣት ጋር ነክቶ ቆሞ ማየት ነው፣ 10 ሰከንድ መቆም ያልቻለ ሰው የመውደቅ አደጋው ከፍ ይላል፣ ቲቸር 6 ሰከንድ ላይ ግድግዳ ያዙ። ግፊታቸውን ተቀምጠው 138 በ82፣ ቆመው 132 በ80 አገኘሁት፣ ያኔ ደህና ነበር። ይሄን "ያኔ" ያዙልኝ።

ቲቸር 7 የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ተቀየረ። "ከስንት ነው?" አሉ። ከ12 ስላቸው በአዕምሯቸው ሲያሰሉ አየሁ፣ "58 ፐርሰንት፣ አላፊ ነው ግን ያሳፍራል" አሉና ተነስተው ጓዳ ገብተው አንድ አዲስ ባለ 50 ቅጠል ደብተር፣ ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ ይዘው መጡ። ደብተሩ ያኔ ነው የተጀመረው፣ የኔ ሐሳብ አልነበረም።

ስራውን አራት አደረግነው። አንደኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ሲነሱ በአንድ ሲቀመጡ ግን እስከ ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው፣ ምክንያቱም ደረጃ ሲወርዱ የሚያስፈልጋቸው ያችው ቀስ ብሎ የመውረድ ጉልበት ነች። ሁለተኛው ግድግዳ ላይ ፑሽአፕ። ሦስተኛው የኩሽናውን ሲንክ ይዞ ተረከዝ ማንሳት፣ አራተኛው ግድግዳ አጠገብ ያችው የሚዛን አቋቋም። እያንዳንዱ 6 ጊዜ፣ ሁለት ዙር፣ ሚዛኑ በየእግሩ እስከ 10 ሰከንድ። በሙሉ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ሰኞ ረቡዕ ዓርብ ብዬ ነበር ያወጣሁት፣ ቲቸር "ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ባዶ ሆድ አልሰራም" አሉና ማክሰኞ ሐሙስ ቅዳሜ ሆነ። ከላይ ከለመዱት የካምፕ ስፖርት ጋር ሲያዩት መቶ አለቃ ንቀውት ነበር፣ "ይሄ የአራስ ስፖርት ነው" አሉኝ፣ ግን እሳቸው ራሳቸው ትንፋሻቸውን ይዘው እንደሚነሱ ያየሁት እዛው ነው፣ ፊታቸው ይቀላል። ትንፋሽ ይዞ መግፋት ግፊትን ለአፍታ ወደ ላይ ይተኩሰዋል። ሲነሱ "እፍ" ይበሉ፣ ወይ ጮክ ብለው ይቁጠሩ አልኳቸው፣ የሚቆጥር ሰው ትንፋሽ መያዝ አይችልም። ከዛ ቀን ጀምሮ የብሎኩ ሰው በሙሉ ቁጥራቸውን ይሰማል።

አሁን ደብተሩ። ቲቸር እንደ ስም መጥሪያ ነው ያሰመሩት፣ ተራ ቁጥር 1 እሳቸው፣ ተራ ቁጥር 2 መቶ አለቃ። ለመጣ የራይት ምልክት፣ ላልመጣ "ቀ"፣ ቀሪ ማለት ነው። ከዛ ቀጥሎ የተሰራው፣ ብዛት፣ ጉልበት ሲሰራ፣ እና ሪማርክ። እኔ የጨመርኩት አንድ ዓምድ ብቻ ነው፣ "ጉልበት በማግስቱ ጠዋት" የሚል። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይስጡት ስላቸው ቲቸር ተቃወሙ፣ "እንዴ፣ ዜሮ ያመጣ ነው እዚህ የሚያልፈው?" አሉ። አዎ አልኳቸው። እስከዛሬ አልተዋጠላቸውም።

ይሄ የማግስት ዓምድ ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ፣ ምክንያቱም የዚህ ኬዝ ሙሉ ነገር እሱ ላይ ነው ያለው። ኦስቲዮአርትራይተስ ያለበት ጉልበት ሲሰራ ትንሽ ማመሙ አደጋ አይደለም፣ 3 ወይም 4 ቢደርስ እንኳ ችግር የለውም። ጥያቄው በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ተመልሷል ወይ ነው። የቲቸር የተለመደ ጠዋት 2 ነው። በማግስቱ 2 ከሆነ መጠኑን ጉልበቱ ችሎታል፣ ለሁለት ሳምንት እንደዛ ከቆየ በየስራው አንድ ወይም ሁለት ይጨመራል። 4 ወይም 5 ከሆነ፣ ወይ ካበጠ፣ ትናንት የሆነ ነገር በዝቷል ማለት ነው፣ መቀነስ አለበት። ሰው ግን ትናንት ምን እንደሰራ በትክክል አያስታውስም፣ ያመመው ቀን ላይ ሁሉም ቀን ያመው ይመስለዋል። ለዚህ ነው መጻፍ ያለበት።

ሁለት ሳምንት ጥሩ ሄደ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቲቸር ደብተሩን ይዘው መጡ፣ ተቆጥተዋል። "ስራህ አይሰራም" አሉኝ። አየሁት፣ ረቡዕ ጠዋት 5። ዓርብ ጠዋት 2። እሁድ ጠዋት 2። ያለፈውን ሳምንት ገለጥኩ፣ ያኔም ረቡዕ 4 ነበር፣ ሌላው 2። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የሚሰራው አንድ ዓይነት ነው፣ ያው 6 ጊዜ ሁለት ዙር። ስራው ቢሆን ችግሩ ሦስቱም ቀን ማግስቱን ያም ነበር አይደል? ታዲያ ማክሰኞ ምንድነው ያለው ብዬ ስጠይቃቸው ዝም አሉ፣ ትንሽ ቆይተው ሚስታቸው ናቸው ከጓዳ የመለሱት፣ "ማክሰኞ ውሃ ነዋ የሚመጣው!" ብለው።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፣ የኛ ብሎክ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው፣ እሱም ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም፣ ከምድር ቤት ቧንቧ በጀሪካን መቅዳት ነው። ቲቸር ለካ ማክሰኞ ማክሰኞ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ሲሆን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዘው ሁለት ሦስት ዙር ይመላለሳሉ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፣ 54 ደረጃ፣ በአንድ እጅ፣ ባዶውን ጀሪካን ይዞ መውረዱም አለ። ደረጃ ሲወረድ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት ሦስት እጥፍ አካባቢ ነው፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ከሚያርፈው ጋር አይገናኝም። ደረጃ ተውኩ ያሉኝ ሰው ናቸው እኮ! "ደረጃ ማለትህ ለሽርሽር መስሎኝ፣ ውሃ ሌላ ነው" አሉ።

ክሊኒክ ውስጥ ቢሆን ይሄን መቼም አላገኘውም ነበር። "ከባድ ነገር ያነሳሉ?" ብዬ ብጠይቃቸው "አይ" ነው የሚሉኝ፣ ውሸት ሳይሆን ውሃ መቅዳት እንደ ከባድ ነገር ስለማይቆጠር። እና ያለ ደብተሩ እኔም ቁጭ ብድጉን ቀንሼ፣ ያለጥፋቱ ስራውን ወቅሼ፣ ሰውየውን መልሼ ሶፋ ላይ አስቀምጣቸው ነበር። ያደረግነው፣ ጀሪካኑን ባለ 5 ሊትር ሁለት አደረግነው በሁለት እጅ እንዲመዛዘን፣ ብዙውን የመቶ አለቃ ልጅ ከስራ ሲመለስ እንዲያመጣ ተስማሙ፣ የማክሰኞው ስፖርት ደግሞ ወደ ሰኞ ሄደ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ረቡዕ ጠዋት 2 ሆነ። ቲቸር ሪማርክ ላይ "ጥፋቱ የጀሪካን ነው" ብለው በቀይ ጽፈዋል።

በየአራት ሳምንቱ የ30 ሰከንዱን ፈተና ይፈተናሉ። ፈተና ነው የሚሉት፣ የፈተና ቀን ካኪ ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ እኔ አልጠየቅኩም። ኅዳር 8፣ ታኅሣሥ 9። ጥር ላይ 13! መቶ አለቃ ደስ ብሏቸው እኔን ለመጥራት ወረዱ። በአራት ሳምንት ከ9 ወደ 13 መዝለል ግን በኔ ልምድ በዚህ ዕድሜ እንግዳ ነገር ነው፣ ገባሁና ዙሪያዬን አየሁ፣ ወንበሩ ሌላ ነው። የድሮው የፕላስቲክ ወንበር እግሩ ተሰንጥቆ ተጥሏል፣ አሁን የተቀመጡበት የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ነው፣ ላዩ ላይ ትራስ ያለው። በሜትር ለካነው፣ የድሮው 43 ሳንቲም ነበር (ለፈተናው የሚመከረውም እሱ አካባቢ ነው)፣ አዲሱ ከነትራሱ 49። ስድስት ሳንቲም ምንም አይመስልም አይደል? ግን ወንበር ከፍ ባለ ቁጥር ጉልበት ትንሽ ነው የሚታጠፈው፣ ጭንም ትንሽ ነው የሚሰራው። ከጎረቤት 43 ሳንቲም የሆነ ወንበር ተዋስንና ትንሽ አርፈው ደገሙት። 10።

መቶ አለቃ 13ቷ እንድትቀር ተከራከሩ፣ "ሰውየው ደክሟል ሁለተኛው ላይ" እያሉ፣ እውነት ለመናገር ያ ትንሽ ልክ ነበር፣ የደከመ እግር አንዷን ሊቀንስ ይችላል። ቲቸር ግን ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው 13ን ሰረዙና 10 ጻፉ፣ ከዛ እንዲህ አሉ፣ "ፈተናው ቀሎ ነው እንጂ ተማሪው አልጎበዘም፣ መቶ አለቃ፣ እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት ማርክ ሳልጨምር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አሁን በርስዎ ወንበር ልጀምር?" የደብተሩ የውስጥ ሽፋን ላይ አሁን "ወንበር 43 ሳንቲም፣ ትራስ የለም፣ ጫማ ያው" የሚል ተጽፏል።

ከዛ ዐቢይ ጾም ገባ። እዚህ ጋ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። መጀመሪያ ረቡዕና ዓርብን በባዶ ሆድ አልሰራም ሲሉ የሰማሁ ሰው፣ 55 ቀን ሙሉ ጾም ሲመጣ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነበረብኝ፣ አላሰብኩም። ቲቸር ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ምግብም ውሃም አይቀምሱም፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ጠዋት ይቀምሳሉ። ኪኒኑን ጎህ ሳይቀድ በአንዲት ጉንጭ ውሃ ይውጡታል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስፖርት። መቶ አለቃም "እግዜር ይርዳዎ" እያሉ ከማበረታታት በቀር ያሉት ነገር የለም።

ሪማርኩ ላይ የጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ሐሙስ "ዞረብኝ" ይላል። ሦስተኛው ሳምንት ሰኞ "ዞረብኝ፣ ግድግዳ ያዝኩ"። ሐሙስ "ዞረብኝ፣ ተቀመጥኩ"። ቅዳሜዎቹ ላይ ምንም የለም። ቲቸር አልነገሩኝም፣ ዓምዱ ውስጥ ብቻ ነው የጻፉት፣ ጾሙን አቁም ይለኛል ብለው ፈርተው ነው መሰለኝ። ያየሁት የመጋቢቱን ፈተና ላስፈትን ስገባ ነው፣ የየካቲቱ 10 ነበር፣ የመጋቢቱ 9 ሆነ፣ ለምን ወረደ ብዬ ወደ ኋላ ስገልጥ። በማግስቱ ጠዋት የግፊት መለኪያዬን ይዤ ሄድኩ። ተቀምጠው 126 በ76። አስቆምኳቸው፣ አንድ ደቂቃ፣ 101 በ64። ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር 20 እና ከዛ በላይ ከወረደ፣ ወይ የታችኛው 10 እና ከዛ በላይ፣ ያ ከመቀመጥ ሲነሱ ወደ ጭንቅላት የሚደርሰው ደም እያነሰ ነው ማለት ነው። የቲቸር 25 ወርዷል። ውሃ አልጠጡም፣ ያለችውንም ኪኒኗ ታሸናዋለች፣ በዛ ላይ ስራቸው ራሱ ቁጭ ብድግ ነው፣ ደጋግሞ መነሳት! አንድ ቀን ሲሚንቶ ወለል ላይ ቢወድቁ ዳሌ ነው የሚሰበረው፣ ያን ጊዜ ጉልበት የሚያስታውሰው የለም።

የዛን ቀን ስፖርቱን አቆምኩ፣ ኪኒኑን ግን አልነካሁም፣ የኔ ስራ አይደለም፣ እሳቸውም በራሳቸው እንዳያቆሙት አስጠነቀቅኩ፣ ምክንያቱም የግፊት መድኃኒት በገዛ ፈቃድ አቋርጠው ስትሮክ ያገኛቸውን ሰዎች ነው እኔ ቀን ቀን መራመድ የማስተምረው። ቲቸር ደብተሩን ይዘው ሐኪማቸው ጋ ሄዱ። ሐኪሙ ሪማርኩንና የኔን ቁጥር አይተው የመድኃኒቱን ነገር አስተካከሉላቸው፣ መቼ እንደሚወሰድም ለወጡ፣ ዝርዝሩን አልጽፈውም ምክንያቱም ለሳቸው የሆነው ለእናንተ አባት አይሆንም። እኛ በበኩላችን ስፖርቱን ወደ ማታ 11 ሰዓት አዞርነው፣ 9 ሰዓት ላይ በልተው ውሃ ጠጥተው ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ። ደግሞ ከመጀመሪያው ብድግ በፊት ተቀምጠው እግራቸውን ሃያ ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅሳሉ፣ የባት ጡንቻ ደም ወደ ላይ ይገፋል። ከሳምንት በኋላ ስለካ ተቀምጠው 132 በ80 ቆመው 124 በ78 ሆነ። ጾሙንም ጨረሱ። ለኔ ግን የቀረኝ ትምህርት አለ፣ ሪማርክ የሚባለውን ዓምድ ባለቤቱ ብቻ ካነበበው ያው ሳይጻፍ እንደቀረ ነው፣ ከዛ ወዲህ እሁድ እሁድ መቶ አለቃ የቲቸርን፣ ቲቸር የመቶ አለቃን ገጽ አንብበው ይፈርማሉ።

ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያ ላይ የተፈተኑት ፈተና 12 ነው፣ በ43 ሳንቲም ወንበር። የሚዛኑ 10 ሰከንድ ሞልቷል። ደረጃውን አንድ እጃቸውን ከመደገፊያው ሳያነሱ ወርደው ዳቦ ራሳቸው ይገዛሉ። ያልተለወጠውንም ልናገር፣ የጠዋቱ ሕመም አሁንም 2 ነው፣ አንዳንዴ 1፣ ራጁን ዛሬ ቢነሱም ያው ነው የሚያሳየው፣ የጠበበው መገጣጠሚያ በስፖርት አይሰፋም። ስግደት መስገድ እፈልጋለሁ ብለውኝ ነበር መጀመሪያ ላይ፣ ሞክረነው እስከ መሬት ተንበርክከው መነሳቱ ላይ ጉልበቱ እምቢ አለ፣ በማግስቱ 5 ተጻፈ፣ እና ለጊዜው ጎንበስ ብለው ነው የሚሰግዱት። ደግሞ ይሄ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፣ ጀሪካኑ በመቀነሱ ነው የተሻላቸው ወይስ ጭናቸው በመጠንከሩ ነው ብትሉኝ ሁለቱን ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም።

መቶ አለቃስ? ከፋሲካ በኋላ ልጃቸው ጋ ሐዋሳ ሄደው ሦስት ሳምንት ቀሩ። ቲቸር ብቻቸውን ሰሩ፣ ከተራ ቁጥር 2 ፊት ለፊት "ቀ" "ቀ" "ቀ" እያሉ እየሞሉ፣ ዘጠኝ ቀ። መቶ አለቃ ተመልሰው ሰኞ ማታ እንደለመዱት በሩን ሲያንኳኩ ቲቸር በሩን ግማሽ ከፍተው ደብተሩን አሳዩአቸውና "ወላጅ ይዘው ይምጡ" አሏቸው። መቶ አለቃ ቀልድ መስሏቸው ቆሙ፣ ቲቸር ግን በሩን ዘጉት፣ እኔ ከታች ስወጣ ደረጃው ላይ ነው ያገኘኋቸው፣ "65 ዓመቴ ነው እኮ፣ ወላጅ ከየት ላምጣ?" እያሉ። ወርደው ባለቤታቸውን ይዘው መጡ። እትዬ እጃቸውን እያበሱ ገቡ፣ ሊጥ ሲያቦኩ ነው የተጠሩት፣ ስለ ባላቸው ይቅርታ ጠየቁ፣ ከዛ ወንበሩን አዩና "እስቲ እኔም ልሞክረው" አሉ።

9 አመጡ። ተራ ቁጥር 3 ናቸው።